ሦስት ቀን ያልደረሰው ራጅ

የሆስፒታላችንን የራጅ ባለሙያ ሁሉም ሰው «እትዬ ጨለማ» ነው የሚላት። የክፋት ስም አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥብ የኖረች ሴት ናትና ሌላ ስም ቢወጣላት ነበር የሚገርመው። እሷም ሲጠሯት «አቤት» ብላ ትስቃለች። ትክክለኛ ስሟ በሠራተኛ ማኅደሯ ላይ አለ፤ ማኅደሯን ግን ማን አንብቦት ያውቃል?

እኔ የወንዶች ክፍል ነርስ ነኝ። ከእሷ ክፍል የሚለየኝ አንድ ኮሪደርና አንድ በደንብ የማይገጥም በር ነው። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስለሠራን አረማመዷን ብቻ ሰምቼ ቀኑ እንዴት እንደዋለላት አውቃለሁ። ጫማዋን እየጎተተች ከመጣች ወገቧ ነው። በሽተኛ ባዞረች ቁጥር ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ብረት ያለበትን ከባድ ሽርጥ አጥልቃ ስትቆም ኖራ ወገቧ አልቋል። ፈጠን ብላ ከመጣች ተናዳለች ማለት ነው። የቀኝ እጇ ጥፍሮች እስከዛሬ ቡናማ ናቸው፤ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ያኔ የነካው በዚያው ቀረ። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጇ ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች፣ በየእሁዱ ትደውላለች። እትዬ ማታ ቤቷ ገብታ እግሯን በጨው ውሃ ትዘፈዝፍና ሬዲዮ እየሰማች ታሸልባለች። ሕይወቷ ይኸው ነው። እሷም «ይብቃኝ» አላለችም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

አንድ ኩራት ግን አላት። በፊልሙ ዘመን ያነሳችው ራጅ «ድገሚው» ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። አንድ ሰው አንገቱን ከተነሳ ሦስቱን ፊልም፣ የፊት ለፊቱን፣ የጎኑንና አፍ ተከፍቶ የሚነሳውን፣ በአንድ ፖስታ ከትታ፣ በላዩ ስሙን ጽፋ በቤተሰቡ እጅ ታስይዝ ነበር። «የአንገት ፎቶ ወንድማማች ነው፣ አይለያይም» ትላለች። ፖስታው ከጠፋ የጠፋበት ሰው ይታወቃል፤ ወይ ታክሲ ውስጥ ረስቶታል፣ ወይ ልጅ ቀዶበታል።

አሁን ፊልም የለም። ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ራጅ የሚያነብ ሀኪም ደግሞ እኛ ዘንድ ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ካለፈው ዓመት ወዲህ ፎቶው በኢንተርኔት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል፣ እዚያ ያለው አንባቢ ሀኪም አይቶ መልስ ይጽፋል። እትዬ ለዚህ የከፈተችው ደብተር አለ። ቀን፣ የበሽተኛ ስም፣ የተነሳው አካል፣ «ተልኳል»፣ «መልስ»። የምትልከው አብዛኛው የደረት ፎቶ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ፎቶ። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ደብተሩ አላሳፈራትም።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ጣራ ሠሪውን አመጡት። ቆርቆሮ ሲመታ ከሁለተኛ ፎቅ ተንሸራቶ በትከሻውና በአንገቱ ነው የወደቀው። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ ክንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ በቆርቆሮ ጠባሳ የተሞላ ሰው። እጁም እግሩም ይንቀሳቀሳል፣ ቀኝ ጣቶቹን ግን ይነዝረዋል። ሀኪማችን አንገቱን እንዳይንቀሳቀስ በሚይዝ ኮላር አሰረው፣ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ አስተኛውና «ራጁ እስኪነበብ ቀና እንዳይል» አለ። ፎቶውን ራሱም አየው። የታችኛው የአንገት አጥንት ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ስብራት ይሁን የትከሻው ጥላ ሊለየው አልቻለም። ስብራት ከሆነና ሰውየው ቀና ካለ አጥንቱ ነርቩን ሊጫነው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ እጅና እግር የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። ትልቁ ሆስፒታል ደግሞ ያልተነበበ አንገት አይቀበልም። መንገዱም ኮረኮንች ነው፣ ያለምክንያት አይጓዝም። ነገሩ ሁሉ ንባቡ ላይ ተንጠለጠለ።

እትዬ ሦስቱን ፎቶ እንደ ድሮዋ በአንድ ፖስታ ከተተቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ጠቅልላ አሰረቻቸው ማለቴ ነው፤ ወንድማማች አይለያይማ። የመላኪያውን ገጽ ከፍታ፣ ስሙንና ዕድሜውን ሞልታ፣ ጥቅሉን አያይዛ ላከች። ገጹ «እናመሰግናለን፣ ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አላት። ደብተሩ ላይ «ተልኳል» ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ ጠዋት መልስ የለም። ጣራ ሠሪው ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። በየሁለት ሰዓቱ ለአራት እንገለብጠዋለን፤ ሦስት ሰው ገላውን፣ እኔ ጭንቅላቱን ይዤ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን እንደ ግንድ በአንድ ላይ እናዞረዋለን። አለዚያ ጀርባው ይቆስላል።

«ሲስተር፣ ምን አሉ?» አለኝ።

«ሀኪሙ እያየው ነው» አልኩት።

ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀትር ላይ እትዬ ወደ ንባብ ክፍሉ ደወለች። እዚያ ስልክ የምታነሳ አንዲት ጸሐፊ አለች፤ ድምፅዋ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ የመለሰ ሰው ድምፅ ነው።

«ስሙ አለ፣ ፎቶ የለም» አለች።

«እንዴት የለም? ተመዝግቧል ብሎኛል እኮ!»

«የተመዘገበው ቅጹ ነው፣ እትዬ። ፎቶው ስንት ሜጋ ነበር?»

ሃምሳ አራት ነበር። ገጹ በአንድ ጊዜ ከሃያ በላይ አይቀበልም። ቅጹን ተቀብሎ፣ ፎቶውን ጥሎ፣ አመስግኖ ሸኝቷታል! እዚያ ያለው ሀኪም ዝርዝሩን ሲከፍት ስም ብቻ ያያል፣ ባዶ ስም ደግሞ አይነበብም፣ ያልፈዋል። እትዬ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ደብተሩን አየች። ከዚያ «ተልኳል» የሚለውን ሳትሰርዝ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

«አንድ በአንድ እልካቸዋለሁ» አለች።

ላከቻቸው እንበል። የመጀመሪያው ፎቶ አሥራ ስምንት ሜጋ ነው። መስመሩ እየተንፏቀቀ ሰማንያ ሦስት በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ እሱ ግን የሚያበራው ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ብቻ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ገጹ ሰማንያ ሦስቱን አያስታውስም፣ ከዜሮ ጀመረ። ሁለተኛው ሙከራ ስልሳ አንድ ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

«ግማሹ እንኳ አልደረሰ ይሆን?» አልኳት።

«ግማሽ ፋይል ፋይል አይደለም፣ አንቺ ልጅ። አይከፈትም። እዚያ ያለው ማሽን ራሱ ይጥለዋል።»

ሦስተኛውም እንዲሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እኔ በዚህ መሀል አልጋው ጋ ሁለት ጊዜ ተመልሼ «እያየው ነው» ብያለሁ። ይኼኛው ግን እያወቅኩ የተናገርኩት ነው። ምን ልበለው? «ፎቶህ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው» ይባላል? ሰው ሆስፒታሉን ካላመነ ምን ያምናል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሀኪማችን ትዕግሥቱ አለቀ። ጎበዝ ነው፤ ግን ወጣት ስለሆነ ማሽን ሁሉ ስልክ ይመስለዋል። ሮጦ መጥቶ የኮምፒውተሩን ስክሪን በራሱ ስልክ አነሳው።

«ይኸው! ሁለት ሜጋ ነው። ይህን ላኪ።»

«የስክሪን ፎቶ መስመር መስመር ይሠራል። ቀጭን ስንጥቅ በዚህ ይታያል ብለህ ነው?» አለች እትዬ።

«ከምንም ይሻላል።»

ተላከ። «እናመሰግናለን» አለ ገጹ እንደ ልማዱ። እኔ ግን ምስጋናውን ስላላመንኩት ገጹን ወደ ታች ገፋሁት። ከግርጌው፣ ጉንዳን በምታክል ቀይ ፊደል፣ «የዚህ ዓይነት ፋይል ተቀባይነት የለውም» ይላል። ስልኩ አዲስ ነው፤ ፎቶ የሚያስቀምጠው ያ ገጽ በማያውቀው በአዲስ ዓይነት ነው። ገጹ የሚቀበለው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። የሰኞውም ቀይ መስመር እዚያው ከታች ኖሮ ይሆናል፤ ማን ወርዶ ያያል? ሰው ምስጋና ሲሰማ ይሄዳል።

ሀኪሙ ስልኩን ሊያስተካክለው ፈለገ፤ ይቻላል፣ የፎቶውን ዓይነት መቀየር ነው። እትዬ ግን ለንባብ ክፍሏ ጸሐፊ ደግማ ደወለችላት። ጸሐፊዋም «በስልክ የተነሳ አንገት ሀኪሙ አያነብም» አለች። ከዚያ፣ «እሺ፣ ትልቅ ፋይል የሚወስድ ሊንክ እልክልሻለሁ። ሲቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ግን የሚሠራው ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ነው። የበሽተኛ ፋይል ስለሆነ ደግሞ በግል ስልክ አልልክም፣ በመሥሪያ ቤታችሁ አድራሻ ነው የሚመጣው» አለቻት። ሰዓቱ አሥር ነበር።

እትዬ ስልኩን ዘግታ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። የመሥሪያ ቤታችንን አድራሻ ማን እንደሚከፍተው ሁለታችንም ረስተናል።

የሚከፍተው የኃላፊው ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ያለችው የቢሮ ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሥርዓት ያላት ሰው ናት፤ ይኸው ነው ያጠፋን። ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን አየችው። አተመችው። የገቢ ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት፣ በፋይል ከትታ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ኃላፊው ስብሰባ ነበር። እትዬ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰች ጠየቀች።

«ደብዳቤው ገብቷል። ሳይመራ እንዴት እሰጥሻለሁ?» አለቻት።

«እኔ ወረቀቱን አልፈለግኩም፣ ሊንኩን ክፈቺልኝ ነው የምልሽ!»

«እትዬ፣ ነገ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

እትዬ በአረማመዷ ፈጠን ብላ ስትመለስ ሰማኋት። ክፍሌ ገብታ፣ የመድኃኒት ጋሪው ላይ ተደግፋ፣ «ደከመኝ» አለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፏ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ፊልም ቢሆን ተሸክሜው እሄድ ነበር። በእግሬ። አሁን የት እንደሚጠፋ እንኳ አላየውም።» ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም። አሥር ሰዓት እያለፈ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሰዓቱን ግን ማናችንም ቀና ብለን አላየንም።

ኃላፊው ረቡዕ ማታ ከስብሰባ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ «ለራጅ ክፍል፦ አስፈላጊው ሁሉ ይፈጸም» ብሎ ፈረመ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ተላላኪዋ ወረቀቱን አምጥታ እትዬን በደብተር አስፈርማ ሰጠቻት። ሊንኩ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ሁለት መስመር ሙሉ የተደባለቀ ፊደልና ቁጥር! የሚነካ ነገር የለውም፣ ወረቀት ነው። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ባንድ ጣቷ አንድ በአንድ ጻፈችው። ዜሮ ይሁን ኦ የማይለይ ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሦስተኛው ገባላት። ገጹም «የዚህ ሊንክ ጊዜ አልፏል» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ውሻው ማኅተም አለው።

ወረቀቱን እንደያዘች ልትነግረኝ ወደ ክፍሌ መጣች። የመጣችው ግን ክፉ ሰዓት ላይ ነው።

ጣራ ሠሪው ሊነሳ ነበር።

ሚስቱ ጮኸች፣ ሮጥኩ። የኮላሩን ማሰሪያ በአንድ በኩል ፈቶታል። የግራ ክርኑን አልጋው ላይ ተክሎ ትከሻው ከፍራሹ ለቋል። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ፣ ሲስተር።»

«ወንድሜ፣ ተኛ! በፈጠረህ ተኛ!»

«ሦስት ቀን አንድ አጥንት ያያሉ? እኔ ጣራ ነው የምሠራው፣ ቆርቆሮ የተቀደደ እንደሆነ አንዴ አይቼ አውቃለሁ። አይተውታል። አይተው ነው የደበቃችሁኝ። ወይ የሚድን አይደለም፣ ወይ ምንም የለበትም። የሚድን ካልሆነ መተኛቴ ለምኔ ነው? ምንም ከሌለው ለምን ታስሬ እኖራለሁ? እውነቱን ንገሪኝ ወይ ልቀቂኝ።»

«እየታየ ነው» አልኩ።

ሳቀ። የሳቁ ንዝረት በመዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ክርኑን አጠንክሮ መግፋት ጀመረ። ጉልበቱ የጣራ ሠሪ ጉልበት ነው፣ እኔ አልይዘውም። ሚስቱ እግሩ ሥር ተደፍታ ታለቅሳለች።

በዚህ መሀል የእትዬን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዕድሜዋ ቢገፋም ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነው፣ ቀጭን።

«ማንም አላየውም» አለች።

ሰውየው ገፋ ማድረጉን አቆመ። ከኮላሩ የተነሳ ዞሮ ሊያያት አይችልም፤ የሚያየው ጣሪያውን ነው።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ፎቶ ያነሳሁህ ነኝ። ፎቶህን የሚያነበው ሀኪም እስከዚች ደቂቃ አላየውም። አልደረሰውም። ሰኞ ሦስቱን ባንድ ላይ ላክኋቸው፣ ከበዱና ተጣሉ፤ አላወቅኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማክሰኞ አንድ በአንድ ላክሁ፣ መብራት ሄደ፣ መስመሩ ተቆረጠ። የመላኪያ ሊንክ ሰጡን፣ የአንድ ቀን ዕድሜ ነበረው፣ እኛ ማኅተም ስንመታበት ሞተ። ይኸው ወረቀቱ።» ወረቀቱን ከዓይኑ በላይ ዘረጋችለት። «የደበቅንህ አጥንትህን አይደለም። ውርደታችንን ነው።»

እኔ ጭንቅላቱን እንደያዝኩ ነኝ።

«ማንም?» አለ።

«ማንም። ስለዚህ የዳንክም አይደለህ፣ የተሰበርክም አይደለህ። ሳታውቅ አትነሳ።»

ሰውየው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀና ክርኑን አጠፈ። ትከሻው ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ ተመለሰ።

«እኔ እኮ መሞቴን ነግረዋት ሚስቴ የደበቀችኝ መስሎኝ ነበር» አለ፣ ዓይኑ ሞልቶ። «በሉ ላኩት። ዛሬን እተኛለሁ።»

ኮላሩን መልሼ አሰርኩለት። እትዬ አንድ ቃል ሳትነግረኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እኔ በከፊል ነው ያየሁት፣ ቀሪውን ያዩት ነገሩኝ። ለንባብ ክፍሏ ጸሐፊ ደውላ አዲስ ሊንክ አስላከች። ሦስቱን ፎቶ በፍላሽ ይዛ የኃላፊው ጽሕፈት ቤት ገባች፤ ማንኳኳት የለ፣ «ይቻላል?» የለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ይህንን በፋይል አስቀምጪው። አዲሱን ግን እዚሁ ኮምፒውተርሽ ላይ ትከፍቺልኛለሽ፣ አታትሚውም» አለቻት። የቢሮ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ እትዬን አየች፣ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላት። ነግሬያችኋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለችም።

ኔትወርኩ ደካማ ነው። ስለዚህ እትዬ በየቢሮው ዞረች። መድኃኒት ቤት፣ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ «እባካችሁ ለአንድ ሰዓት ኢንተርኔት አትንኩ» እያለች። ፋርማሲስቱ ኳስ ያይ ነበር፤ አፍሮ ዘጋው። ኃላፊው ራሱ ስልኩን ከዋይፋይ አወጣ አሉ፤ ይህን አላየሁም፣ አላምንምም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ጀመረ። አንዴ ተቋርጦ ካቆመበት ቀጠለ። እትዬ በአንድ ጆሮዋ የንባብ ክፍሏን ጸሐፊ ይዛለች። መቶ ሲሞላ ግን ገጹ «እናመሰግናለን» ሲላት ምስጋናውን አልተቀበለችም።

«ደረሰ?» አለች በስልክ።

«ደርሷል።»

«ደርሷል አትበይኝ፣ ክፈቺው። ምን ይታይሻል?»

«የጎን ፎቶ። አንገት። ታች ድረስ ይታያል።»

«የማን ስም አለበት?»

ጸሐፊዋ ስሙን አነበበች። እትዬ ሁለተኛውን ጀመረች። ሦስተኛው ተከፍቶ እስኪታይ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ምሳ አልበላችም፣ አንድም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሳችም። ደብተሯን አላወጣችም።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ይቅርታ ልጠይቃት መጥቼ በር ላይ ቆሜ ነው። የደወለው ራሱ አንባቢው ሀኪም ነው። ስትልክለት ዓመት አልፏት ድምፁን ሰምታ አታውቅም። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«ስድስተኛው የአንገት አጥንት ተሰብሯል፣ ትንሽም ተንሸራቷል» አለ። «አሁኑኑ በቦርድ አስራችሁ ላኩት፣ አልጋ አዘጋጅተናል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሰኞ ወዲህ ቀና ብሏል?»

«አላለም።»

«አንዴም?»

እትዬ እኔን አየችኝ። «አንዴም» አለች።

ሀኪሙም፣ «ቀና ብሎ ቢሆን ይህን ፎቶ ማንበቤ ዋጋ አልነበረውም» ብሎ ዘጋ።

እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው። ትከሻዋን ልይዛት ሄድኩ። «እኔን ተይኝ፣ ሰውየውን ንገሪው» አለችኝ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ በየትኛው አፌ? እጇን ይዤ ወደ አልጋው ወሰድኳት።

አራት ሆነን ቦርዱን፣ በሽተኛ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ጣውላ፣ አስጠግተን፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው ጭንቅላቱን ያዝኩ። እትዬ በአልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቱ በላይ አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ሰኞ ፎቶ ስታነሳው ከሕመሙ የተነሳ ዓይኑን አልገለጠም ነበር። በልጅ ድምፅዋ የተነሳ ወጣት መስላው የነበረችው ሴት ሽበቷ ከነጠላዋ ወርዶ፣ ዓይኗ አብጦ ሲያያት ግራ ገባው።

«እርስዎ ኖት?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ተነበበ። ተሰብሯል፤ ግን ይጠገናል፣ እየጠበቁህ ነው። እንዳትንቀሳቀስ።»

ለጥቂት ጊዜ አያት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅሶ አሳያት፤ አምስቱም ይታዘዙታል።

«እናቴ፣» አላት፣ «እርስዎም እንደሌሎቹ ‹እየታየ ነው› ቢሉኝ ኖሮ ተነስቼ ነበር።»

ማንንም ለመውቀስ አላለውም፤ ከጭንቅላቱ በላይ ያለሁትን እኔን አያየኝም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ፣ አነሳነው።